6ቱ ትርፍ ሰዓት የት ገቡ?

የአንድ ባልደረባችን ታይምሺት 6 ትርፍ ሰዓት ያሳያል፤ ፔይሮሉ ግን ዜሮ። የሰዓቱ ድምር በሁለቱም እኩል ነው። ያደናገረኝም ይሄው ነበር።

ለካ የክፍያ ጊዜው ረቡዕ ተዘግቷል። እስከ ረቡዕ 28 ሰዓት፣ ሐሙስና አርብ ደግሞ 9፣ 9 ሰዓት ሠርቷል፤ በድምሩ 46። በውላችን ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው በሳምንት ከ40 በላይ ሲሠራ ነው። ፔይሮሉ 28ቱንና 18ቱን ለየብቻ ስላየ ሁለቱም ከ40 በታች ሆኑበት።

ሳምንቱን ሳልቆርጥ በየቀኑ እየደመርኩ ወረድኩ። ሐሙስ ማታ 37 ደረሰ። ስለዚህ ከአርብ ሰዓት 3ቱ መደበኛ፣ 6ቱ ትርፍ ናቸው። የሚከፈሉትም በአዲሱ የክፍያ ጊዜ ስለሆነ የተዘጋውን መንካት አላስፈለገኝም።

አሁን የተቆረጠውን ሳምንት 28 ሰዓት በቀጣዩ ሉህ ላይ «ተከፍሏል» ብዬ እጽፋለሁ። ለድምሩ ይቆጠራል፣ ሁለተኛ ግን አይከፈልም።