የድሮውን ኢሜይል ስትዘጉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከዓመታት በፊት ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ኢንተርኔት ካፌ ገብታችሁ የከፈታችሁትን የያሁ አድራሻ ትታችሁ ወደ ጂሜይል እየዞራችሁ ከሆነ፣ አካውንቱን የመዝጋቱ ነገር የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

ችግር፦ መልእክቶቹ ተዛውረዋል፤ የላካችኋቸውና በፎልደር ያስቀመጣችኋቸው ግን የሉም።

ምክንያቱ፦ ፖፕ በሚባለው መንገድ ስትወስዱ የሚመጣው ኢንቦክስ ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ኮምፒውተር ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጫኑና ሁለቱንም አካውንቶች ፎልደሮቹን ሁሉ በሚያሳየው በአይማፕ መንገድ አስገቡ። የያሁ ሰርቨር imap.mail.yahoo.com፣ ፖርቱ 993 ነው። ከዚያ የምትፈልጓቸውን መልእክቶች መርጣችሁ ወደ ጂሜይሉ ፎልደር ኮፒ አድርጉ። «ሙቭ» አትበሉ፤ መሃል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ዋናው ቅጂ ያሁ ላይ መቅረት አለበት። ሁለት ሦስት መቶ እያደረጋችሁ ብትወስዱ የቱ ጋ እንደቆመ ለማወቅ ይቀላል። ሲያልቅ ጂሜይልን በብራውዘር ክፈቱ፤ በጣም የቆየውን መልእክትና አባሪ ፋይል ያለውን አንዱን ከፍታችሁ እዩ። ፋይሉ ከተከፈተ ሙሉው መልእክት ደርሷል።

ችግር፦ ፌስቡክ ላይ አዲሱን ኢሜይል አስገብታችኋል፤ ኮዱ ግን አሁንም ወደ ያሁ ይሄዳል።

ምክንያቱ፦ አዲሱ ተጨመረ እንጂ የድሮው አልተነሳም። ወይም ለአዲሱ የተላከው ማረጋገጫ ኮድ ሳይገባ ቀርቷል፤ ያልተረጋገጠ አድራሻ አይቆጠርም።

መፍትሄ፦ አዲሱን አስገቡ፣ በኮዱ አረጋግጡ፣ ከዚያ የድሮውን አንሱ። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። የድሮ ስልክ ቁጥር ካለም አብራችሁ ቀይሩ። ለመፈተን በብራውዘሩ የግል መስኮት ግቡና «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ንኩ። ኮዱን ከመላኩ በፊት አድራሻውን ከፊሉን በኮከብ ሸፍኖ ያሳያችኋል፤ መጨረሻው አሁንም @yahoo.com ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም።

የተረሱትን አካውንቶች ለማግኘት ያሁ ሳጥን ውስጥ verify፣ welcome እና password እያላችሁ ፈልጉ። የሸባ ማይልስ አባልነት፣ የቪዛ ቀጠሮ ፕሮፋይል፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛሉ። የጂሜይላችሁን መልሶ ማግኛ አድራሻም እዩት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው፣ ያሁ ከተዘጋ ደግሞ ጂሜይሉ ሲቆለፍ መክፈቻ ይጠፋል።

ችግር፦ ዘግታችሁት ነበር፤ አካውንቱ ግን ተመልሶ ይሠራል።

ምክንያቱ፦ ያሁ የተዘጋን አካውንት ወዲያው አያጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ያህል ያቆየዋል። በዚያ መሃል በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከገባችሁ እንደገና ይከፈታል።

መፍትሄ፦ ከመዝጋታችሁ በፊት አካውንቱን ከስልኩም ከተንደርበርድም አውጡት። ለመጨረሻ ጊዜ ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ጥቂት ወራት ክፍት አድርጋችሁ የሚመጣውን ተከታተሉ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጽፍ ድርጅት የሚገለጠው ያኔ ነው።