ለፊትዎና ለልብስዎ የሚስማማ የመነጽር ፍሬም እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው የመነጽር ፍሬም ሲመርጥ ቀለሙን አይቶ ይጀምራል። እኔ ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ። ልኩ ያልሆነ ፍሬም ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ፊት ላይ አይቀመጥም። ቅደም ተከተሉ ስፋት፣ ቅርጽ፣ ከዚያም ቀለም ይሁን።

1. ስፋቱን ይለኩ

መስታወት ፊት ቆመው ማስመሪያውን በዓይንዎ ትይዩ አግድም ይያዙና ከአንዱ ጆሮ ግንድ እስከ ሌላው ያለውን ስፋት በሚሊሜትር ይለኩ። የፍሬሙ ጠቅላላ ስፋት ከዚህ ልክ ጋር መቀራረብ አለበት። ከጠበበ እግሮቹ ወደ ውጭ ተለጥጠው ጆሮ ግንድን ይጫናሉ፤ ከሰፋ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ይንሸራተታል።

ቀድሞ የሚያደርጉት መነጽር ካለ የእግሩን ውስጠኛ ገጽ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ እንደ 52፣ 18፣ 140 ያሉ ቁጥሮች ተጽፈውበታል። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ስፋት፣ ሁለተኛው አፍንጫ ላይ በሌንሶቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ ሦስተኛው የእግሩ ርዝመት ነው፤ ሁሉም በሚሊሜትር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲደመሩ የሌንሶቹ መሃል ለመሃል ርቀት ይገኛል። ይህ ድምር በሁለቱ የዓይን ብሌኖችዎ መካከል ካለው ርቀት በጣም ከበለጠ ዓይኖችዎ ወደ አፍንጫ የተጠጉ ይመስላሉ። ሩቅ ማየት ለሚቸግረውና ጠንካራ ሌንስ ለታዘዘለት ሰው ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል፤ የሌንሱ የጎን ጠርዝ ይወፍራል፣ መነጽሩም ይከብዳል።

2. ቅርጹን ይምረጡ

ፀጉርዎን ወደ ኋላ ሰብስበው በፊትዎ ላይ ጎልቶ የሚታየው መስመር የትኛው እንደሆነ ያስተውሉ። መመሪያው ፍሬሙ ያንን መስመር እንዳይደግም ነው። ክብ ፊት ማዕዘን ያለው ፍሬም ሲያገኝ ይረዝማል፤ መንጋጋው የሰፋና ማዕዘን ያለው ፊት በክብ ፍሬም ይለሰልሳል። ለረጅም ፊት ከላይ ወደ ታች ሰፋ ያለ ሌንስ ይስማማዋል። ግንባሩ ሰፍቶ አገጩ ለጠበበ ሰው ደግሞ የላይኛው ጠርዝ ቀጭን ቢሆን ይሻላል።

የአብዛኛው ሰው ፊት ድብልቅ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይወሰኑ። ለእኔ ከፊት ቅርጽ ይልቅ የሚመዝነው ቅንድብ ነው። የፍሬሙ የላይኛው ጠርዝ የቅንድብን አቅጣጫ ተከትሎ ሲሄድ ፊት የተረጋጋ ይመስላል፤ ቅንድብን አቋርጦ ካለፈ ግን ሁለት ጥንድ ቅንድብ ያለ ያህል ይረብሻል። ከዚያ ሰፋ አድርገው ፈገግ ይበሉ። ጉንጭዎ ፍሬሙን ወደ ላይ ከገፋው ያ ፍሬም የእርስዎ አይደለም።

3. ቀለሙን ከልብስዎ ጋር ያስተያዩ

ዘወትር የሚለብሷቸውን ሸሚዞች፣ ሹራቦች፣ ኮቶችና ሻርፖች አልጋ ላይ ይዘርጉ። ሱሪና ቀሚስ ከፊት ስለሚርቁ ብዙም አያሳስቡ። የተዘረጋውን ለሁለት ይክፈሉት፦ ቡናማ፣ ብርቱካናማና ቢጫ የሚያመዝንባቸው ሞቃት ቀለሞች በአንድ ወገን፣ ሰማያዊ፣ ግራጫና ወይን ጠጅ የመሳሰሉት ቀዝቃዛ ቀለሞች በሌላው። ነጭና ጥቁር ከሁለቱም ጋር ስለሚሄዱ ይለዩ። ክምሩ የበዛው ወገን ፍሬሙን ይወስናል። ለሞቃቱ ቡናማ ወይም ወርቃማ፣ ለቀዝቃዛው ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ብርማ ይሆናል። ፍሬሙ ከአንድ ልብስ ጋር ፍጹም እንዲመሳሰል አይፈልጉ፤ ሌላ በለበሱ ቀን ብቻውን ይቀራል።

አንዲት ክብ ፊት ያላት ሴት እንውሰድ። ፊቷ 130 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ በብሌኖቿ መካከል 60 ሚሊሜትር አለ። የቀድሞው ፍሬሟ ላይ 54 እና 18 ተጽፏል፤ ድምሩ 72 ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን ከሌንሱ መሃል 6 ሚሊሜትር ወደ አፍንጫ ያደላል። 48 እና 18 የሆነውን ብትወስድ ድምሩ 66 ይሆናል፣ ማድላቱም ወደ 3 ይወርዳል። ቅርጹ ማዕዘኖቹ በጥቂቱ የለዘቡ አራት ማዕዘን ይሁን። ልብሶቿ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ነጭ ሲሆኑ አንድ ሰናፍጭ ቀለም ያለው ኮት አላት። ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ፍሬም ከሦስቱ ጋር ይስማማል፣ ፊቷንም ያደምቃል። ከኮቱ ጋር ላይሄድ ይችላል፤ ሆኖም አልፎ አልፎ ለሚለበስ ልብስ ሲባል የየቀኑን መነጽር መቀየር አይገባም።

4. ከማዘዝዎ በፊት ይፈትሹ

ቢጫ መብራት ቀለምን ስለሚያሳስት ፍሬሙን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ዘወትር የሚለብሱትን ሸሚዝ ለብሰው ይዩት። አንገትዎን ደፍተው ራስዎን ቀስ ብለው ይነቅንቁ። ጥቂት ቢንሸራተት ባለሙያው የአፍንጫውን ማረፊያ ወይም የእግሩን መታጠፊያ ያስተካክለዋል፤ ፕላስቲክ ፍሬም ላይ ግን የአፍንጫው ክፍተት ብዙውን ጊዜ አይለወጥም። አፍንጫዎ ላይ ክፍተት ካዩ ሌላ ፍሬም ይሞክሩ። ይህ ሁሉ ሌንሱ ከመቆረጡ በፊት ይለቅ፤ ከተቆረጠ በኋላ ፍሬም የሚቀይር ሰው ሌንሱንም እንደገና ማሠራቱ አይቀርም።