ክርስትና ማን ያንሳላችሁ? ሰማንያው ቀን ሳይደርስ የሚያልቅ ሥራ

የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀን በሞላት ዕለት፣ ክርስትና ልታነሳት የነበረችው ጓደኛዬ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሳ ቆመች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሌሊት ደረሰብኝ፣ መግባት አልችልም» አለችኝ። የወር አበባዋ መጥቶ ነው። እንባዋ ግጥም ብሏል። እኔም ደነገጥኩ፤ ካህኑ ደግሞ እየጠበቁን ነው።

ባለቤቴ ግቢውን ዞሮ፣ ሊያስቀድሱ የመጡ አንዲት እናት ለመነ። ደግ ሰው ናቸው፣ ወዲያው እሺ አሉ። ልጄን ከውኃው ተቀበሉ፣ አቆረቡ፣ ተመራረቅን፣ ተለያየን። ስልካቸውን እንኳ መቀበል ያስታወሰ የለም። አሁን ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «የክርስትና እናቴ የታለች?» ስትለኝ የማሳያት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን የክርስትና ስማቸውን ብቻ ነው። ጥምቀት አይደገምም። ስለዚህ ቆይቶ «እንለውጣት» ማለት የለም።

ለሁለተኛዋ ልጄ ግን በወጉ አደረግኩት። የምነግራችሁ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። ለወንድ የክርስትና አባት፣ ለሴት የክርስትና እናት ይቆማል።

መጀመሪያ፦ ማን ይችላል?

ራሱ የተጠመቀ፣ የተዋሕዶ እምነት ተከታይና ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው መሆን አለበት። ሴቷም እንዲሁ። የወለደ አባትና እናት የራሳቸውን ልጅ ክርስትና ማንሳት አይችሉም። ሌላ ሃይማኖት ያለው ወዳጃችሁ የቱንም ያህል ቢቀርባችሁ አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ሃይማኖቱን የሚመሰክርለት ይህ ሰው ነው። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ይናገራል። የማያምንበትን ነገር ስለ ልጃችሁ ሆኖ እንዴት ይመስክር?

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ክርስትና ማንሳት ዝምድና ይፈጥራል። ወላጆችና ክርስትና ያነሳው ሰው አበልጅ ይሆናሉ፣ የሁለቱ ቤት ልጆችም እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጠሩ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይጋቡም። «የጓደኛዬ ልጅና የኔ ልጅ ሲያድጉ እናጋባቸዋለን» እያላችሁ የምትቀልዱ ከሆነ ቀልዱን አቁሙ፣ ወይም ሌላ ሰው ፈልጉ።

በሌላ በኩል፣ የክርስትና አባትነት በመንግሥት ሕግ ሞግዚት አያደርግም። «እኛ ብንሞት ልጃችንን የምታሳድገው እሷ ናት» ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ እሱ በኑዛዜ የሚያልቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምርጫው

ሦስት ሰው አስበን ነበር። አንዷ ገንዘብ ያላት ዘመዳችን፣ ሁለተኛዋ ውጭ አገር ያለች የልብ ጓደኛዬ፣ ሦስተኛዋ የሥራ ባልደረባዬ። ዘመዳችን ስጦታ ታዘንባለች፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰው ሠርግ ውጪ አትረግጥም። ጓደኛዬን ብመርጥ ልጄ የክርስትና እናቷን በስልክ ብቻ ልታውቃት ነው።

እኔ የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ ባልችል ይህች ሴት ልጄን እሑድ ጠዋት ይዛ ሄዳ ታስቆርባታለች? ዋናው ሥራዋ ይሄው ነውና። ልጅቷን ማስቆረብ፣ ከፍ ስትል ጸሎት ማስጠናት፣ ጾሙን፣ በዓሉን፣ ሃይማኖቷን ማስተማር። የልደት ስጦታ ግዴታ አይደለም። ባልደረባዬ የራሷን ልጆች በየሳምንቱ ይዛ ስትሄድ አይቻለሁ። በዚሁ ወሰንን። ከመጠየቃችን በፊት ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው፤ የማናውቀው ችግር ካለ ቀድመው ይነግሩናል ብለን ነው።

አጠያየቁ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በቴሌግራም አትጠይቁ። ሰው በተሰበሰበበትም አትጠይቁ፤ ሰው ፊት የተጠየቀ እምቢ ማለት አይችልም፣ ከልቡ ያልሆነ እሺ ደግሞ ለልጁ አይበጅም። ቤቷ ሂዱ፣ ባልም ሚስትም። እኔ በአራስ ቤት ስለነበርኩ እሷን «ልጅቷን መጥተሽ እያት» ብለን ጠራናት። ልጄ ሃምሳ ቀን ገደማ ሆኗታል። ከዚያ በላይ አታዘግዩ።

ባለቤቴ እንዲህ አላት፦ «እኛ ተማክረን አንቺን መርጠናል። ልጃችንን ክርስትና አንሺልን። ኃላፊነት ስለሆነ ዛሬ መልስ አንፈልግም። ከባለቤትሽም ከንስሐ አባትሽም ተማከሪ። ባይመችሽም ፍቅራችን ያው ነው።» ለትልቅ ሰው ከሆነ «ክርስትና ያንሱልን» ብላችሁ በአክብሮት ነው፤ ከተቻለ የቤቱን ሽማግሌ አስቀድማችሁ።

ከዚያ እኔና እሷ ብቻችንን ስንቀር ያቺን የድሮዋን ጉዳይ አነሳሁ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፣ ሰማንያው ቀን ደግሞ ለማንም ብሎ አይዘገይም። ያኔ ጓደኛዬን ቀኑን ቀድሜ ነግሬያት ቢሆን ራሷ ቆጥራ ታውቀው ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ፣ እሷም አፍራ ዝም አለች። አሁን ግን ባልደረባዬን፣ «ቀኑ ይሄ ነው፣ እስቲ ቁጠሪው። ባይሆንልሽ አትጨነቂ፣ ተጠባባቂ ይዘናል» አልኳት። ስልኳን አውጥታ ቀን መቁጠሪያውን አየች። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ክርስትናው ከወር አበባዬ ሦስት ቀን ይቀድማል፤ ከተዛባብኝ ግን እደውልልሻለሁ» አለች። ከሦስት ቀን በኋላም መጥታ፣ «ባለቤቴም ደስ ብሎታል፣ እሺ» አለችን። የወለደችና ገና ያልነጻች ሴትም በዚሁ ምክንያት ስለማትችል ይህንንም አስቡበት።

ተጠባባቂ ስትይዙ አታታልሉ። የባለቤቴን እህት «ዋናዋ እሷ ናት፣ ካልሆነላት አንቺ ትቆሚልናለሽ» ብለን በግልጽ ነገርናት። የክርስትና እናት የምትሆነው በዕለቱ ልጅቷን ከውኃው የተቀበለችው ናት። ስለዚህ ተጠባባቂዋም በዚያው በእሑዱ ጥያቄ ተለክታ የተመረጠች ትሁን።

የዕለቱ ጉዳይ

የክርስትና እናቷ ስትመጣ የምትናገረውን አስቀድማ ትወቅ። «እክህደከ ሰይጣን» የሚለውን ካህኑ እያስባሉ ያስደግሟታል፤ ትርጉሙን «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ» መሆኑን ግን ቤት ሆና ብትሰማው ይሻላል። የራሷን የክርስትና ስም ትያዝ፣ ለምስክር ወረቀቱ ትጠየቃለች። ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ለእናቱ ሲደውል አይቻለሁ። ነጭ ልብስና ማተብ የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነም ተነጋገሩ፤ እኛ ሁለታችንም ገዝተን ሁለት ማተብ ይዘን ተገናኘን። ሕፃኗ ስለምትቆርብ ጡት መጥባት የምታቆምበትን ሰዓት ካህኑን ጠይቁ።

እምቢ ካለቻችሁ ምክንያት አታስቆጥሩ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ስላሰብሽበት አመሰግናለሁ» በሉና ወሬውን ቀይሩ። ከተጠባባቂዋ ጋር በዚያው ሳምንት ተነጋገሩ።