የቀነጨሩ ልጆች ቁጥር ከሪፖርቱ ሲያንስ፦ ስታታ ባዶ ቦታን የሚያነብበት መንገድ (ችግርና መፍትሄ)

ምልክቱ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ታስገባለች። እኔ አንድ ዓመት ቀድሜያት በዚያው ዳታ ስለሠራሁ ነው የፈለገችኝ።

«እህቴ፣ ቁጥሬ ከሪፖርቱ ጋር አልገጥም አለኝ።»

ርዕሷ በሁለት ወሊድ መካከል ያለው ጊዜ ማጠሩ ከልጆች መቀንጨር ጋር ስላለው ግንኙነት ነው። ዳታው እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲሆን፣ ይፋዊ ሪፖርቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው መቀንጨራቸውን ይናገራል። የእሷ ሠንጠረዥ ግን በብዙ ያነሰ ነው።

ጥቂት ልዩነት ቢኖር አያስደነግጥም። ሪፖርቱ የሚጠቀመው የቤተሰብ አባላትን ፋይል ነው፣ እሷ ደግሞ የያዘችው ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው እናቶች ልጆች የተመዘገቡበትን ነው። ስለዚህ መቶኛውን ትቼ የልጆቹን ብዛት ጠየቅኋት።

«10,641» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። 10,641 በፋይሉ ውስጥ ያሉት የረድፎች ሁሉ ብዛት ነው። የሁሉንም ልጆች ቁመት የሚለካ ዳሰሳ ደግሞ የለም፤ ቤት ያልነበረ ይኖራል፣ እምቢ ያለ ይኖራል። በዚህ ፋይል ውስጥ ደግሞ የሞቱ ልጆችም አሉ።

ምክንያቱ

ኮዷን አስነበብኋት። መስመሩ አንድ ነው፦

```
gen stunted = hw70 < -200
```

`hw70` ቁመት ለዕድሜ የሚለካበት ዜድ ስኮር ነው፤ በመቶ ተባዝቶ ስለሚቀመጥ -200 ማለት -2 ነው። እስከዚህ ትክክል ናት። ችግሩ ያለው ባልተለኩት ላይ ነው። ስታታ ባዶ ቦታን ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ ባዶው ከ-200 ያነሰ ነው ወይ ሲባል መልሱ «አይደለም» ይሆንና ልጁ 0፣ ማለትም «ያልቀነጨረ» ተብሎ ይመዘገባል። ልኬታቸው ተዓማኒ ባለመሆኑ 9996 ወይም 9998 የመሰለ ኮድ የተሰጣቸውም እዚያው ይገባሉ።

በምሳሌ ብናየው፣ ከ1,000 ልጆች 80ው ሳይለኩ ቀርተው 350ው ቀንጭረው ቢገኙ፣ ትክክለኛው ስሌት 350 ለ920፣ ማለትም 38 በመቶ ነው። በእሷ ኮድ ግን 350 ለ1,000፣ 35 በመቶ ይሆናል።

ማረጋገጫው

`b5` ልጁ በሕይወት መኖሩን ይናገራል፤ 0 ከሆነ ሞቷል።

```
tab stunted if b5 == 0, missing
tab hw70 if hw70 > 9990, missing
```

የመጀመሪያውን ትእዛዝ ስታስኬድ ስልኩ ላይ ዝም አለች። በነጥቡ ረድፍ ላይ፣ ማለትም እንደ ባዶ፣ መውጣት ሲገባቸው የሞቱት ልጆች በሙሉ 0 ላይ ተደርድረዋል።

«የሞቱትን ጤነኛ ብያቸዋለሁ» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

ለእሷ ርዕስ ደግሞ ይህ ከመቶኛው በላይ ይከፋል። ቶሎ ቶሎ ከተወለዱ ልጆች መካከል የሚሞቱት ይበዛሉ። እነሱን «ያልቀነጨሩ» ማለት የወሊድ መቀራረብ የሚያደርሰውን ጉዳት ከእውነተኛው ያሳንሰዋል፤ ልትለካ የፈለገችውን ነገር ራሱን ይሸፍነዋል።

መፍትሄው

```
drop stunted
gen stunted = (hw70 < -200) if hw70 < 9990
```

ባዶውም ሆነ ልዩ ኮዱ ከ9990 ስለማያንስ፣ ያልተለካ ልጅ አሁን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ክብደቱን (`v005` ለ1,000,000 ተካፍሎ) ጨምራ መቶኛውን ስታወጣ ወደ 38 ተጠጋ።

ሠንጠረዡን በእጅ ማረም ፈልጋ ነበር፣ እኔ ከለከልኋት። ተለዋዋጩ ከታች ባለው ሪግሬሽን ሁሉ ውስጥ ስላለ፣ ዱ ፋይሉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደገና ማስኬድ ግድ ነው። አሂዳ ስትጨርስ በአጭር ጊዜ ልዩነት ለተወለዱት የወጣው ኦድስ ሬሾ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ አሮጌዎቹን ቁጥሮች በጽሑፉ ውስጥ አንድ በአንድ ፈለግን፤ አብስትራክቱ ላይ የተጻፈው 9 ሰዓት ላይ ነው የተገኘው።

ኮዱ የማያስተካክለው አንድ ነገር አለ። የሞቱት ከስሌቱ ሲወጡ የሚቀሩት የተረፉት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ የወሊድ መቀራረብ ሙሉ ጉዳት አሁንም አይታይም። ይህን በውስንነቶች ክፍል በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈችው።

11 ሰዓት ላይ ለአማካሪዋ ኢሜይል ላከች፦ «ዶክተር፣ ያልተለኩና የሞቱ ልጆችን በስህተት ያልቀነጨሩ ብዬ መድቤ ነበር። አስተካክያለሁ። የቀድሞውንና የአሁኑን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አያይዤልዎታለሁ።»

1 ሰዓት ተኩል ላይ መልሱ መጣ፦ «አየሁት። አዲሱን አስገቢ፣ በየሠንጠረዡ ስር የተለኩትን ልጆች ብዛት ጻፊ።»